የያዘን ኮምፕሬሰሩ አይደለም

የሌሊት ፈረቃ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ አምፖል ሲቃጠል ለአለቃ ይደውላል። ሌላው ፋብሪካው ቢቃጠልም አይደውልም። ኮምቦልቻ ውስጥ በሠራሁባቸው የጥገና ክፍሎች የበዛው ሁለተኛው ነው። ስንፍና አይደለም። ሰው በሌሊት መቀስቀስ ነውር ይመስለናል። ደግሞም «ይቺን ነገር አቃተው» መባልን እንፈራለን። «እንዴት ነው ነገሩ?» ሲባል «አብሽር፣ እየሠራሁበት ነው» ብሎ መመለስ ይቀላል። አለቃውም ይህን ሰምቶ ተመልሶ ይተኛል። ነገሩ ጠዋት ላይ ሲፈነዳ ሁለቱም እኩል ይገረማሉ።

መቼ ነው መደወል ያለብኝ ለሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ በደቂቃ ነው። «ግማሽ ሰዓት ሞክረህ ካልሆነ ደውል» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ግማሽ ሰዓት ለአንዳንዱ ነገር እጅግ ይበዛል፤ ለሌላው ሽፋን ለመክፈት እንኳ አይበቃም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ቀጥሎ የሚሠራው ነገር በማን እጅ ነው? በእኔ እጅ ከሆነ ገና አልተያዝኩም፤ እየሠራሁ ነው። በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ግን ቀኑን ሙሉ ስታገል ብውል ከቦታዬ አልነቃነቅም። ይህን በአንድ ጉዳይ ላሳያችሁ። ጉዳዩ የኤሌክትሪክ ነው። ሙያው የሌላችሁም እንድትከተሉት ቀለል አድርጌ እሄዳለሁ።

ፋብሪካውን አልጠራውም። ሁለት የማሸጊያ መስመሮች አሉት። ሁለቱም በታመቀ አየር ነው የሚሠሩት። አየሩን የሚሰጡት ሁለት ኮምፕሬሰሮች ናቸው። አንዱ ብቻውን ከቀረ አንድ መስመር ይቀልባል፤ ሁለተኛው መስመር ይቆማል። የሁለተኛው ኮምፕሬሰር ሞተር 37 ኪሎዋት ነው። የስም ሰሌዳው ላይ 68 አምፔር ተጽፏል። ከዚያ በላይ ረዘም ላለ ጊዜ ከሳበ ኦቨርሎድ የምንለው መከላከያ ይጥለዋል፤ ማለትም ሞተሩ ሳይቃጠል በፊት ያጠፋዋል። ኦቨርሎዱ ላይ አንዲት ቁልፍ አለች። ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል እሷን ተጭኖ መልሶ ማስነሳት ይቻላል። ሪሴት ማድረግ የሚባለው ይሄ ነው። ጣት ላላት ፍጥረት ሁሉ እጅግ የምታጓጓ ቁልፍ ነች።

ከሌሊቱ 7፡20 ላይ ኮምፕሬሰሩ ጣለ። ፈረቃው ላይ የነበረው ኤሌክትሪሺያን ወጣት ልጅ ነው፣ ጎበዝ ነው። ሪሴት አደረገ። 8፡35 ላይ ደግሞ ጣለ። ሪሴት አደረገ። 9፡25 ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ጣለ። መዝገቡ ላይ በሦስቱም ቦታ የተጻፈው አንድ ዓይነት ነው። «ኮምፕሬሰር 2 ጥሏል። ሪሴት ተደርጓል። በሥራ ላይ ነው።»

ይህን ዓረፍተ ነገር እዩት። ውሸት የለበትም። ግን መከላከያው ለምን እንደጣለ አንድም ቃል የለውም። ጠዋት መዝገቡን የሚያነብ ሰው የሚያየው «በሥራ ላይ ነው» የሚለውን ነው። ሦስት ጊዜ የጣለ ማሽን ሦስት ጊዜ የተስተካከለ ይመስላል። ከልቤ ከመዝገብ ላይ ባጠፋቸው ደስ ከሚሉኝ ቃላት አንዱ «ተስተካክሏል» የሚለው ነው። እንዴት እንደተስተካከለ ያልተጻፈበት ቦታ ላይ ማለቴ ነው።

ደግነቱ ልጁ ከሦስተኛው በኋላ ሪሴት ብቻ ማድረጉን ትቶ መለካት ጀመረ። ምናልባትም በጊዜዎቹ መካከል ያለው ርቀት እያጠረ መምጣቱን ልብ ብሎ ይሆናል። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ሰባ አምስት ደቂቃ ነው፤ ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ሃምሳ። እያጠረ የሚሄድ ነገር በራሱ አይድንም። ኦቨርሎዱ በደንብ ሳይቀዘቅዝ ሲቀሰቀስ ቶሎ ይጥላል፤ የሚያሞቀው ነገር ከባሰም ቶሎ ይጥላል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ በእጁ ያለውን አየ። የኦቨርሎዱ ልክ የተሞላው 68 ላይ ነው፤ ማንም አልነካውም። የአየር ማጣሪያው ንጹሕ ነው። ዘይቱ ልክ ነው። የአየር ግፊቱም እንደ ወትሮው ነው፤ ስለዚህ ማሽኑ ከአቅሙ በላይ እየገፋ አይደለም። ከዚያ ማሽኑን አስነሥቶ በክላምፕ ሜትር ሦስቱን ሽቦዎች አንድ በአንድ አቀፋቸው። 75፣ 72፣ 62 አምፔር። ጤነኛ ሞተር ሦስቱን እኩል ሊስብ ሲገባው አንዱ ሽቦ፣ ማለትም አንዱ ፌዝ፣ ሰንፏል፤ የእሱን ሸክም ሁለቱ ተሸክመውታል። እነሱ ደግሞ ከ68 አልፈዋል። ኦቨርሎዱ ሥራውን በትክክል ነው የሠራው።

እዚህ ጋ በየፋብሪካው የሚሰማ አንድ ፍርድ አለ። «መብራት ኃይል ነው፤ ፌዙ ደክሟል።» ይባልና ሁሉም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሊሆን ይችላል፤ ይሆናልም። ግን በመለኪያ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ልጁ ዋናው መግቢያ ላይ ለካ። 394፣ 393፣ 395 ቮልት። ከውጭ የሚመጣው እኩል ነው። ኮምፕሬሰሩ ጋ ሲለካ ግን 390፣ 386፣ 381 አገኘ። ልዩነቱ የተፈጠረው ግቢ ውስጥ ነው ማለት ነው። ዘጠኝ ቮልት ምን አላት ልትሉ ትችላላችሁ። ሞተር ላይ ግን ትንሽ የቮልቴጅ መዛባት በአምፔሩ ላይ ከስድስት እስከ አሥር እጥፍ ሆና ትወጣለች። እዚህ ቮልቴጁ የተዛባው 1.2 በመቶ ያህል ነው፤ አምፔሩ ግን 11 በመቶ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የኛን አገር ስለሚመለከት። ሰሌዳው ላይ ሌላ ነገር ካልተጻፈ በስተቀር የሞተር አቅም የሚሰላው እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ እንደ ልብ አያቀዘቅዝም። ኮምቦልቻ ከደሴ አንጻር ቆላ ትመስለናለች እንጂ ከ1800 ሜትር በላይ ነች። ስለዚህ እዚህ የተተከለ ሞተር ከመነሻው ትርፍ ትንፋሽ የለውም። ሌላ ቦታ የሚታገሠውን መዛባት እዚህ አይታገሥም።

ከዋናው መግቢያ እስከ ኮምፕሬሰሩ መካከል አንድ ማከፋፈያ ቦርድ አለ። ቦርድ 4 እንበለው። ልጁ ጓንቱንና የፊት መከላከያውን አድርጎ፣ አጠገቡ ሰው አቁሞ፣ ቦርዱን ከፈተ። ይህን እንዲያደርግ የተፈቀደለት ኤሌክትሪሺያን ስለሆነ ነው። የመለኪያውን አንድ እግር ባስባሩ ላይ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ለብሬከሮቹ በሚያከፋፍለው ዘንግ ላይ፣ ሌላውን ብሬከሩ መግቢያ ላይ አደረገ። ይህ አንድ እጅ የማይሞላ ርቀት ነው፤ ምንም ሊነበብ አይገባም። በአንደኛውና በሁለተኛው ፌዝ ምንም አልተነበበም። በሦስተኛው ላይ 9 ቮልት አለ። የሽቦው ላስቲክም ጫፉ ጠቁሯል።

ዘጠኝ ቮልት በ62 አምፔር ሲባዛ ወደ 560 ዋት ነው። አንዲት ጠባብ ማያያዣ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ተጥዶ ያደረ ማለት ነው። እያንዳንዱ ሪሴት ምድጃውን መልሶ መለኮስ ነበር።

ልጁ ኮምፕሬሰሩን አቆመ። ሰዓቱ 9፡50 ነው። የመደወያው ሰዓት እሱ ነበር። ግማሽ ሰዓት ስላለፈ አይደለም። ሁለት ነገር አንድ ላይ ስለመጣ ነው። የመጀመሪያው አደጋ ነው። የሚቃጠል ነገር ካለ ጥያቄው ያልቃል፤ ታቆማለህ፣ ትናገራለህ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ሠራተኛው ራሱ ሊያስወግደው የማይችለውን አደጋ ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ግዴታ ጥሎበታል። ስለዚህ «ላስቸግረው ወይስ አላስቸግረው» የሚባል የይሉኝታ ጉዳይ አይደለም።

ሁለተኛው ይበልጥ ስውር ነው፤ ይህ ጽሑፍም የተጻፈው ስለሱ ነው። ማያያዣው ያለው ብሬከሩ ከባስባሩ ጋር በሚገናኝበት በኩል ነው። ብሬከሩን ብታጠፋው እንኳ ያ ጎን ኤሌክትሪክ አለው። ስለዚህ ለመፍታት ቦርድ 4 በሙሉ መጥፋት አለበት። ቦርድ 4 ደግሞ ኮምፕሬሰሩን ብቻ አይደለም የሚመግበው። እየሠራ ያለው የመስመር 1 ማሞቂያም ከዚያው ነው። ማሞቂያው ከጠፋ መልሶ እስኪግል አርባ ደቂቃ ይፈልጋል። ያንን መስመር ማስቆም የኤሌክትሪሺያን ሥልጣን አይደለም። የምርት ክፍሉ ነው። የተቃጠለ ነገር ካለ የሚተካ ብሬከር ያስፈልጋል፤ የስቶሩ ቁልፍ ደግሞ የቀን ስቶር ኃላፊው ጋ ነው።

እንግዲህ የያዘን ምንድን ነው? ሁሉም ሰው «ኮምፕሬሰሩ» ይላል። ኮምፕሬሰሩ ምንም አልሆነም። ማያያዣው ነው የሚልም አለ፤ እሱም የተበላሸው ነገር እንጂ የያዘን ነገር አይደለም። ማያያዣ መሥራት ልጁ ያውቅበታል። የያዘን አንድ ሰዓት ተኩል የቦርድ መጥፋት ፈቃድና አንድ የስቶር ቁልፍ ነው። ሁለቱም ሰው እጅ ላይ ናቸው፤ ሁለቱም ስም አላቸው። ብልሽትና ማነቆ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አለቃ ብልሽቱን ብቻ ከሰማ ምን እንዲያደርግ እንደሚፈለግ አያውቅም። «በርቱ» ይላል። ምን ይበል ሌላ?

ልጁ መጀመሪያ ለአለቃው፣ ለጥገና ኃላፊው፣ በቴሌግራም ሊልክ የጻፈው ይህ ነበር።

«ሰላም ኢንጂነር፣ ስለረበሽኩህ ይቅርታ። ኮምፕሬሰር 2 በጣም አስቸግሮናል፣ ደጋግሞ እየጣለ ነው። ፌዝ ሳይዛባ አይቀርም። ቼክ እያደረግን ነው። ብታውቀው ብዬ ነው።»

ትህትናው ደስ ይላል። ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በአንድ ዓይኑ የሚያነብ ሰው ምን ያገኛል? ደጋግሞ ማለት ስንት ነው? አሁን ይሠራል ወይስ ቆሟል? ምርት ቆሟል? «ሳይዛባ አይቀርም» የለካ ሰው ንግግር ነው ወይስ የገመተ? ከሁሉም በላይ «ብታውቀው ብዬ ነው» የሚለው ነገሩን ይገድለዋል። ከእኔ ምንም አይጠበቅም ማለት ነው። ልጁ ያን ሁሉ ለክቶ፣ የለካውን በሙሉ ኪሱ ውስጥ አስቀርቶ ነው የጻፈው። እኛ በሽታን ደብቀን መድኃኒት የምናጣ ሰዎች ብቻ አይደለንም፤ ተናግረነውም እናጣለን።

አብሮት የነበረው ነባር ቴክኒሻን አየና «ይቺን አትላክ» አለው። «የት ነው ያመመህ ብሎ መልሶ ሊጠይቅህ ነው። አንድ ጊዜ ጨርሰው።» ከዚያ አብረው ይህን ጻፉ።

«ኢንጂነር፣ እስከ 11 ሰዓት ውሳኔህን እፈልጋለሁ። ቦርድ 4 ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ለአንድ ሰዓት ተኩል ይጥፋልኝ።

ያለንበት፦ ኮምፕሬሰር 2ን 9፡50 ላይ አቁሜዋለሁ፤ ማንም እንዳያስነሣው ብሬከሩን ቆልፌ ጽሑፍ ለጥፌበታለሁ። መስመር 2 ቆሟል። መስመር 1 እየሠራ ነው።

ያየሁት፦ ከ7፡20 ጀምሮ ሦስት ጊዜ ጥሏል። 75፣ 72፣ 62 አምፔር ይስባል። ዋናው መግቢያ ላይ ቮልቴጁ እኩል ነው። ቦርድ 4 ውስጥ ሦስተኛው ፌዝ፣ ብሬከሩ ከባስባሩ በሚገናኝበት፣ 9 ቮልት ይጠፋል። ላስቲኩ ጠቁሯል። ፎቶ ልኬያለሁ።

የምገምተው፦ ማያያዣው ላልቶ ተቃጥሏል። ብሬከሩም ተጎድቶ እንደሆነ ሳልፈታው አላውቅም።

የያዘኝ፦ ቦርዱ ከጠፋ የመስመር 1 ማሞቂያም ይጠፋል። ለምርት ክፍል ኃላፊ አንተ ንገርልኝ። የስቶር ኃላፊውም መለዋወጫ ብሬከር ይዞ 12 ሰዓት ላይ እንዲገኝ።

12 ሰዓት ካልተቻለ፦ ቀጣዩ የሚመቸው ጊዜ 8 ሰዓት የፈረቃ ቅያሬ ነው። እስከዚያ መስመር 2 እንደቆመ ይቆያል።»

ርዝመቱ የሚያስፈራ ሊመስል ይችላል፤ ግን አንድ ስክሪን አይሞላም። አለቃው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አንብቦ ቢያቆም እንኳ ምን እንደተጠየቀ ያውቃል። እኛ ስናወራ ከመነሻው ነው የምንጀምረው። ከሰላምታ ተነሥተን፣ የነገሩን አመጣጥ ተርከን፣ ጥያቄዋን መጨረሻ ላይ እናመጣታለን። ቡና ላይ ያምራል። ለተኛ ሰው ግን ጥያቄው ከላይ ይቅደም። ታሪኩን ከፈለገ ወርዶ ያነባል።

ሌላው የምወደው «ያየሁት» እና «የምገምተው» መለያየታቸውን ነው። ይህን የማይለይ ሰው ጋ መሥራት መከራ ነው። ግምቱን እንዳየ አድርጎ ይነግርሃል፤ አንተ በግምቱ ላይ ትወስናለህ፤ ቦርዱ ሲፈታ ሌላ ነገር ይገኛል። ልጁ ግን «ብሬከሩም ተጎድቶ እንደሆነ ሳልፈታው አላውቅም» አለ። ይህቺ ዓረፍተ ነገር ድክመት ትመስላለች። ስቶር ኃላፊውን ያስመጣችው ግን እሷ ነች። እርግጠኛ መስሎ «ማያያዣ ብቻ ነው» ብሎ ቢሆን ኖሮ ቦርዱ ጠፍቶ፣ ብሬከሩ ተቃጥሎ ተገኝቶ፣ ሁሉም ቆሞ የስቶር ቁልፍ ይጠበቅ ነበር።

አሁን ወደ «እስከ 11 ሰዓት» ልምጣ። ይህ ሰዓት ከየት መጣ? ከኋላ ወደ ፊት ተቆጥሮ ነው። ፈረቃ የሚቀየረው 12 ሰዓት ላይ ነው። ያኔ መስመሩ ለጽዳትና ለርክክብ በራሱ ይቆማል፤ ስለዚህ ቦርዱን ማጥፋት የሚያስከፍለው አነስተኛ ነው። የምርት ክፍሉ ግን ሳይዘጋጅ አይሆንም። ማሽኑ ውስጥ ያለውን ዕቃ ጨርሶ ማውጣት አለበት። ስቶር ኃላፊው ከቤቱ መምጣት አለበት። አለቃው ራሱ ደሴ ነው የሚያድረው። ልምጣና ልየው ቢል የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ እስኪደርስ፣ ጭጋግ ካለ ደግሞ ከዚያ በላይ፣ ጊዜ ይፈልጋል። ለዚህ ሁሉ አንድ ሰዓት ቢያንስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ውሳኔው 11 ሰዓት ላይ ካልመጣ የ12 ሰዓቱ ዕድል አለፈ ማለት ነው። የሚቀጥለው 8 ሰዓት ላይ ነው። በመካከሉ አንድ መስመር ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆሞ ይውላል።

ብዙ ሰው የሚደውለው ሲደክመው ወይም ሲጨንቀው ነው። ድካም ደግሞ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። እኔ ያየኋቸው ከባድ መዘግየቶች አብዛኞቹ ሰው ሳይናገር ቀርቶ የመጡ አይደሉም። ተናግሯል፤ ግን ውሳኔው የሚጠቅምበት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ከሌሊቱ 11፡45 ላይ «ኢንጂነር፣ 12 ሰዓት ላይ ቦርድ ላጥፋ?» ብትለው ጥያቄው ትክክል ነው፣ መልሱ ግን «አሁን እንዴት ይሆናል!» ነው።

አለቃው ቢተኛስ? ስልኩ ቢዘጋስ? ይህ እኛ ጋ ከባዱ ቦታ ነው። ከእሱ በላይ ላለው ሰው መደወል «ዘለለኝ» ያሰኛል፤ ቂም ይያዛል። የልጁ መፍትሔ ቀላል ነበር። 10 ሰዓት ላይ መልእክቱን ልኮ ወዲያው ደወለ፤ አልተነሣም። አንዲት መስመር ጨመረ። «ኢንጂነር፣ እስከ 10፡30 ካላገኘሁህ ለምርት ክፍሉ የሌሊት ኃላፊ እነግራለሁ፤ ለአንተም አሳውቃለሁ።» ይህን ቀድሞ የጻፈ ሰው አልዘለለም። በሩን አንኳኩቶ፣ ስሙን ተናግሮ ነው ያለፈው። በነገራችን ላይ የሚዘለው ወደ ላይ ብቻ መሆን የለበትም። ውሳኔው ያለበት ሰው ጎን ለጎን ከሆነ ወደ ጎን ይኬዳል። እዚህ ጉዳይ ላይ ውሳኔው ያለው ከጥገና ኃላፊው በላይ ካለው ሥራ አስኪያጅ ጋ ሳይሆን ምርት ክፍል ነው።

10፡20 ላይ አለቃው ደወለ። ያነሣው ጥያቄ አንድ ነው። «ኮምፕሬሰር 2ን አስነሥተን እስከ 8 ሰዓት ብንጎትተውስ?» ጥያቄው ሞኝነት አይደለም። የምርት ግፊት ያለበት ሰው ይጠይቃል። ልጁም አልተከራከረም። «ዘጠኝ ቮልት እየጠፋ ነው ኢንጂነር፣ ላስቲኩ ጠቁሯል። እኔ አላስነሣውም፤ ሌላም ሰው እንዲያስነሣው አልመክርም» አለ። ቁጥሩና ፎቶው ባይኖር ኖሮ ይህ የሁለት ሰዎች ግብግብ ይሆን ነበር። አለቃው «ገባኝ። ቦርድ 4 በ12 ሰዓት ይጠፋል። ለምርት ክፍል እኔ እደውላለሁ፤ ስቶሩንም እኔ» አለ። መልሱንም ልብ በሉ። ማን ምን እንደሚያደርግ በስም ተከፍሏል። «እሺ እናያለን» ቢል ኖሮ ልጁ 11 ሰዓት ላይ እንደገና መደወል ነበረበት።

አሁን በሌላ በኩል ደግሞ ልናገር፤ ቶሎ የሚደውሉትንም ስለማውቃቸው። 7፡20 ላይ፣ መጀመሪያ ሲጥል ቢደውል ኖሮ ምን ይል ነበር? «ጥሏል።» አለቃውም «እሺ፣ ለካኸው?» ይላል። ቀጣዩ እርምጃ ገና በልጁ እጅ ነበር፤ ማጣሪያ ማየት፣ አምፔር መለካት፣ ቦርድ መክፈት። በዚያ ሰዓት መደወል የራስን ሥራ ወደ ላይ መወርወር ነው። ከሁለተኛው በኋላ ግን መለካት ነበረበት እላለሁ። ሁለቴ የጣለ ኦቨርሎድ በአጋጣሚ አይጥልም። ይህ ግን የእኔ ጥብቅነት ሊሆን ይችላል፤ ነባሩ ቴክኒሻን «ሦስተኛው ላይ መንቃቱም ጥሩ ነው» ይላል።

ደግሞ ሁሉም ሰው ያን ያህል ሊለካ አይችልም፤ አይገባውምም። ኤሌክትሪሺያን ያልሆነ የማሽን ኦፕሬተር ቦርድ ከፍቶ 9 ቮልት እንዲፈልግ የምመክር እንዳይመስላችሁ። የእሱ መልእክት አጭር ነው። «ኮምፕሬሰሩ ሁለቴ ጥሏል፤ ቦርድ 4 አካባቢ የላስቲክ ቃጠሎ ይሸተኛል፤ ማሽኑን አቁሜያለሁ፤ ቦርዱን አልከፈትኩም፤ ኤሌክትሪሺያን አሁን ይምጣ።» ይህም ሙሉ ነው። ያየው አለ፣ ያደረገው አለ፣ ያላደረገው አለ፣ የሚፈልገው አለ። ምክንያቱን አለማወቁ ምንም አያጎድልበትም። እንዲያውም ምክንያት ለማግኘት ብሎ ቢዘገይ ነው የሚጎዳው።

12 ሰዓት ላይ ቦርዱ ጠፋ፤ ተቆለፈ፤ ኤሌክትሪክ እንደሌለው ተለካ። ሲፈታ ማያያዣው ላልቶ፣ ጫፉ ተቃጥሎ ተገኘ። የብሬከሩም የሦስተኛው ፌዝ መግቢያ ጠቁሮ ነበር፤ ስለዚህ ብሬከሩ ተቀየረ። የተቃጠለው የሽቦ ጫፍ ተቆርጦ አዲስ ማያያዣ ተደረገለት። ብሎኑም ብሬከሩ ላይ በተጻፈው የጥብቀት ልክ፣ በመለኪያ ቁልፍ ተጠበቀ። ኮምፕሬሰሩ ተነሥቶ እንደገና ሲለካ 68፣ 67፣ 67 አምፔር ሆነ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ መስመሮቹ ሁለቱም ሥራ ጀመሩ።

መዝገቡ ላይ ልጁ የጻፈው ይህን ነው። «ቦርድ 4፣ የኮምፕሬሰር 2 ብሬከር መግቢያ፣ ሦስተኛ ፌዝ ላልቶ ተቃጥሏል። ብሬከርና ማያያዣ ተቀይሯል። ከጥገናው በፊት 75፣ 72፣ 62፤ በኋላ 68፣ 67፣ 67። የቀሩት የቦርድ 4 ማያያዣዎች አልታዩም፤ ጊዜ አልነበረም። እሑድ ቦርዱ ሲጠፋ ይታዩ።» እሑድ ታዩ። ከማሞቂያው ብሬከር አንድ ብሎን ላልቶ ተገኘ፤ ገና ግን አልጠቆረም።